መግቢያሽን ለጆሮ ጻፊው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ አዲስ አዘጋጅ ነኝ። የምጽፋቸው መግቢያዎች ወረቀት ላይ ያምራሉ፤ ማይክ ፊት ስቀመጥ ግን ምላሴ ይተሳሰራል፣ መሃል ላይም ትንፋሽ ያጥረኛል። አለቃዬ «የምታነቢ እንጂ የምታወሪ አትመስይም» ትለኛለች። ለሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማና ስለ እንዶድ የጻፍኩትን መግቢያ ልኬልዎታለሁ። ችግሩ ድምፄ ነው ወይስ ጽሑፉ?

«እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ ከተማ በሺስቶሶሚያሲስ ስርጭት ላይ ጥናት ሲያካሂዱ ሴቶች ልብስ ለማጠብ የሚጠቀሙበት በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ተብሎ የሚታወቀው የእንዶድ ተክል የበሽታው አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች የመግደል ባህርይ እንዳለው ያረጋገጡትና ለዚህም አስተዋፅኦዋቸው በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ለመሆን የበቁት ዶ/ር አክሊሉ ለማ የዛሬው ዝግጅታችን ትኩረት ናቸው።»

መልስ፦ ጽሑፉ ነው፣ እህቴ። ድምፅሽን አልሰማሁትም፤ ግን ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ «ፊቶላካ» ላይ ተደናቀፍኩ፣ «ለመሆን የበቁት» ጋ ስደርስ ደግሞ ትንፋሼ አለቀ። ለብዙ ዓመታት ሬዲዮ ላይ ያነበበ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ አንቺ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም።

መረጃው ትክክል ነው። ደክመሽበታል፣ ይታያል። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰርሽ ነው። እስቲ ቃላቱን ቁጠሪ፤ ሃምሳ ሦስት ናቸው። የሰውዬው ስም የሚመጣው ከአርባ ስድስት ቃል በኋላ ነው፣ ማሰሪያው «ናቸው» ደግሞ መጨረሻ ላይ። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሰሚው እስከዚያ ድረስ ያገኘውን ሁሉ፣ ዓመቱንም፣ ከተማውንም፣ በሽታውንም፣ ተክሉንም፣ በእጁ ይዞ የምን እንደሆነ ሳያውቅ መጠበቅ አለበት። አንባቢ ቢጠፋበት ዓይኑን መልሶ ከላይ ይጀምራል። ሰሚ ወጥ እያማሰለ ነው፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ነው፤ ያመለጠው አመለጠው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። «ጥናት ሲያካሂዱ ሴቶች ልብስ ለማጠብ…» ብለሻል። ጥናቱን ያካሄዱት እነማን ናቸው? ወረቀት ላይ ስታነቢው አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ዶክተር አክሊሉ ናቸው። ጆሮ ግን እስካሁን ስማቸውን አልሰማም። «ሲያካሂዱ» የአክብሮት ይሁን የብዙ ቁጥር በምን ይለያል? በምንም። ወዲያው ቀጥሎ የሚሰማው ቃል «ሴቶች» ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ጥናት ሲያካሂዱ ይታየዋል። ከዚያም «ያረጋገጡትና» ሲመጣ አሁንም ሴቶቹ ይመስሉታል። እንዲህ ያለ ስህተት በቋንቋችን በየቀኑ ይሠራል፣ ምክንያቱም አንቱታና ብዙ ቁጥር አንድ ዓይነት ግስ ነው የሚወስዱት። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለቤቱ ቀድሞ ይግባ፣ ግሱም ቶሎ ይከተለው።

እንግዲህ እንቁረጠው ብለሽ ተነሳሽ እንበል። አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ነው፦

«ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1964 ነው። ቦታው ዓድዋ ነው። ጥናቱ ስለ ቢልሃርዚያ ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ተክሉ እንዶድ ነው።»

አጭር ነው፣ ይነበባልም። ግን አንብቢው እስቲ፤ ነው፣ ነው፣ ነው፣ ናቸው፣ ነው። መዝገብ የሚጠራ ሰው ይመስላል። አማርኛ ሲቆራረጥ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚያልቅ፣ ሁሉም እኩል ካጠሩ ያው ድምፅ በየሁለት ሴኮንዱ ይመለሳል። ሰው ሲያወራ እንደዚህ አያወራም። አጭር ይልና ትንሽ ረዘም ያደርገዋል፣ ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ጣል ያደርጋል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመለሰ» ብሎ ሦስቱን ድርጊት ባንድ ትንፋሽ ያያይዛል።

ተረት ሲነገርሽ ያደግሽ ከሆነ ይህን ታውቂዋለሽ። «ተረት ተረት» ይባላል፣ «የላም በረት» ብለሽ ትመልሻለሽ። ከዚያ ተራኪው ስለ ንጉሡ የትውልድ ዘመንና ስለ ሥራ ልምዱ አይነግርሽም። «አንድ ንጉሥ ነበረ» ይልሻል። ሦስት ቃል። ንጉሡን አየሽው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ተዘጋጀሽ። «ይህ ንጉሥ አንዲት ልጅ ነበረችው» ሲል ደግሞ አሮጌውን ይዞ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይጨምርልሻል። የሬዲዮ መግቢያም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አዲስ ነገር።

ያንቺን ቁሳቁስ ይዤ እንደዚህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«ዓድዋ። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ቆመው ውሃውን ያያሉ። የሚፈልጉት ቀንድ አውጣ ነው፤ የቢልሃርዚያ ትል የሚያድግበት ቀንድ አውጣ። አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ራቅ ብለው የተገኙት ግን አልሞቱም። ለምን? ከስልሳ ዓመት በፊት ይህንን ጥያቄ ያነሱት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። መልሱን ፍለጋ የሄዱበትን መንገድ ዛሬ አብረን እንሰማለን።»

ቁጠሪው። ይኸኛውም ሃምሳ ሦስት ቃል ነው፣ ልክ እንዳንቺው። ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ አላሳጠርኩም። የተለወጠው ሰሚው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ሸክም ነው። ትልቁ ዓረፍተ ነገር አሥር ቃል ነው፣ ትንሹ አንድ።

ስማቸው እዚህም ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ትይኝ ይሆናል። ያንቺ ላይ ሰሚው «ማን?» እያለ ነበር የሚጠብቀው። እዚህ ግን «አንድ ወጣት ተመራማሪ» ተብሏል፤ ባለቤት አለው፣ ሰውዬው ቆመው ሲያዩ ለሰሚው ይታየዋል፣ ለጊዜው ይበቃዋል። ስሙ ሲመጣ ሰውዬውን ቀድሞ ስላወቀው ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። «ቆመው»፣ «ያያሉ» ብዬ ከመጀመሪያው በአንቱታ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። «ቆሞ ያያል» ብለሽ ጀምረሽ መጨረሻ ላይ «ናቸው» ብትይ ጆሮ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል።

አሁን ስለጣልኳቸው ነገሮች ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እነሱን ስትጽፊ ነው ብዙ ያለፋሽው።

«ሺስቶሶሚያሲስ» ወጣ። ቢልሃርዚያ የሚለውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለምላስም ይቀላል። «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ጭራሽ አያስፈልግም፤ እንዶድን እንዶድ ያሉት እናቶቻችን ናቸው፣ ሌላ ስም መግቢያ ላይ ምንም አይጨምርለትም። እንግዳሽ ሳይንቲስት ከሆኑ እሳቸው ይበሉት፣ በየቀኑ የሚጠሩት ቃል ነውና አይደናቀፉበትም። አንቺ የግድ ማለት ካለብሽ ደግሞ ቀላሉን ስም አስቀድመሽ፣ ከባዱን ለብቻው በአንድ ዓረፍተ ነገር አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ አንድ ጊዜ በይውና እለፊ።

«አስተዋፅኦዋቸው» የውጭ ቃል አይደለም፣ ግን ሞክሪው። መጨረሻው ላይ አናባቢዎቹ ይደራረባሉ፣ አፍ ይንሸራተታል። አማርኛ ቃል ላይ ቅጥያ መደርደር ይችላል፤ «እንቅስቃሴዎቻቸውንም»፣ «ያስተዋወቋቸውንም»። ዓይን በአንድ እይታ ያልፈዋል፣ ምላስ ግን እያንዳንዱን ክፍለ ቃል መክፈል አለበት። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥምሽ ስሙን ወደ ግስ መልሺው። «አስተዋፅኦ ማበርከታቸው» ከማለት «ሠሩ»፣ «ረዱ»፣ «አገኙ»። ሰው ምን እንዳደረገም ይበልጥ ይታያል።

ዓመቱ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። «በ1964» ስትይ፣ ያ «እንደ አውሮፓውያን» የሚለው ሐረግ ያመለጠው ሰሚ በራሱ አቆጣጠር ነው የሚሰማው። የእኛ 1964 ደግሞ የፈረንጆቹ 1971 እና 1972 ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን በሰባት፣ በስምንት ዓመት አንሸራተትሽበት፣ ወደ አብዮቱ ዋዜማ ወሰድሽው። መግቢያ ላይ ትክክለኛው ዓመት ካላስፈለገ «ከስልሳ ዓመት በፊት» በይ። ሁሉም ሰው ከዛሬ ተነስቶ ይቆጥራል፣ የዘመን አቆጣጠር ክርክርም አይነሳም። ትክክለኛው ዓመት የግድ ሲሆን ደግሞ በቁጥር አትጻፊው፤ «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት» ብለሽ በፊደል ጻፊ፣ ማይክ ፊት ስትደርሺ ዓይንሽ ቁጥር እንዳይተረጉም። «ዶ/ር»ም እንደዚሁ፣ «ዶክተር» ተብሎ ይጻፍ። ምን ብለሽ እንደምትጠሪው አስቀድመሽ ያልወሰንሽው ምልክት ወረቀትሽ ላይ አይቅር።

ሽልማቱንና ዶክተር ለገሰን አውጥቼ አልጣልኳቸውም። ሁለቱ ሰዎች ሽልማቱን በፈረንጆቹ 1989 አብረው ነው የወሰዱት፤ ስለዚህ የዶክተር ለገሰ ስም የሚገባው ሰሚው ስለ ሥራው ካወቀ በኋላ፣ ሽልማቱ በሚነሳበት ቦታ፣ በሙሉ ክብሩ ነው። መግቢያ ላይ በሃያ ቃላት መሃል ተጣብቆ ቢጠራ ማንም አይሰማውም ነበር።

አንድ ሌላ ጣጣ አለብን፣ የፊደላችን ጣጣ። የሚጠብቀውና የሚላላው በአንድ ፊደል ነው የሚጻፈው። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ «ገና አልመጣም» ነው። «ዋና» ጠብቆ ዋናው ጉዳይ ነው፣ ላልቶ ውሃ ውስጥ መዋኘት ነው። ዝም ብለሽ ስታነቢ አእምሮሽ ከዙሪያው አይቶ ያስተካክለዋል፤ ጮክ ብለሽ ስታነቢ ግን አፍሽ ከአእምሮሽ ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ ቆም ብለሽ ትመልሺዋለሽ። አለቃሽ «የምታነቢ ትመስያለሽ» የምትልሽ አንዱ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

መግቢያውን መጀመሪያ ስጽፈው «ራቅ ብለው ያሉት ግን በሕይወት አሉ» ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ቦታ ያዘኝ። «አሉ» ሲጠብቅ «ይገኛሉ» ነው፣ ሲላላ «ተናገሩ» ነው፤ በዚያ ላይ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «አሉ» ሲመጣ «እንደተባለው» የሚል ወሬም ይሆናል። «ያሉት»ም ያው ነው። ስለዚህ «ያሉት»ን በ«የተገኙት»፣ «በሕይወት አሉ»ን በ«አልሞቱም» ቀየርኳቸው። «አልሞቱም» ደግሞ ከፊቱ ካለው «ሞተዋል» ጋር ይጋጠማል፣ ጆሮም ልዩነቱን በደንብ ይይዘዋል። መቀየር የማትችዪው ቃል ከሆነ፣ የሰው ስም ለምሳሌ፣ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊበት። የእንግዳሽን ስም ደግሞ ከእሳቸው አፍ ስሚው፤ ስልክ ደውለሽ «ስምዎን ይንገሩኝ» በይና የሚጠብቀውን ምልክት አድርጊ።

ከዚያ የምትሠሪው ይህን ነው። ከጻፍሽ በኋላ ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል አትሚው፣ አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር፣ ዓረፍተ ነገርም ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ አይሻገር። ብድግ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። በዓይን ማንበብ አይቆጠርም፣ ማጉረምረምም አይቆጠርም። ትንፋሽ የወሰድሽበት ቦታ ላይ ጭረት አድርጊ። ጭረቱ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ፣ ሁለት የተያያዙ ቃላትን ለይቶ ከወደቀ፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው። አንድ ቃል ላይ ሁለት ጊዜ ከተደናቀፍሽ ደግሞ አትለማመጂው፣ ቀይሪው። በልምምድ ያስተካከልሽው ቃል ቀይ መብራቱ ሲበራ ተመልሶ ይደናቀፍሻል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ በስልክሽ ቅጂው፣ ሰዓቱንም ያዢ። እኔ የጻፍኩትን መግቢያ ሳነበው ከነ ዝምታው ሠላሳ አምስት ሴኮንድ ያህል ወሰደ። ዝምታው ይቆጠራል፤ «ለምን?» ካልሽ በኋላ ሰሚው ራሱን እስኪጠይቅ ትንሽ ካልጠበቅሽው ጥያቄው ባዶ ነው። በመጨረሻ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው፣ እህትሽን ወይም የጥበቃ ሠራተኛውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሚያቸውና «ምን ሰማችሁ?» በይ። «ሴቶች ሲያጥቡ ቀንድ አውጣ ሞተ፣ አንድ ዶክተር አየ» ካሉሽ አልፏል። «ስለ አንድ ሽልማት ነው መሰለኝ» ካሉሽ ተመለሺና ጻፊ።

ሁሉም መግቢያ በትዕይንት ይጀምር እያልኩሽ ግን አይደለም። ይህ ታሪክ ወንዝ ስላለው ነው። ስለ ሹመት ወይም ስለ ዋጋ ጭማሪ ስታወሪ ነገሩን ቀጥ ብለሽ በይ፣ ወንዝ አትፍጠሪ። ረጅም ዓረፍተ ነገርም ኃጢአት አይደለም፤ ድርጊቶቹ በሆኑበት ቅደም ተከተል እስከተደረደሩ ድረስ ጆሮ ይከተላቸዋል። የሚያስቸግረው «የ…የሚ…የተ…» እየተባለ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚገባው ነው።

ረጅም የመሥሪያ ቤት ስምም አይቀርልሽም። እንግዳሽ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ከሆኑ፣ ስሙን ከሰውየው ማዕረግና ከጥናቱ ርዕስ ጋር አትደርድሪው። «እንግዳችን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የሚሠሩት በእኚሁ ሰው ስም በተጠራው ተቋም ነው፤ በአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት» በይ። ሰሚው ስሙን አሁን ያውቀዋል፣ ረዘም ቢልም አይከብደውም። ማዕረጋቸው ሦስት ከሆነ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገውን አንዱን ምረጪ፣ የቀረውን እሳቸው ሲናገሩ ይታያል።

ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ ቼክ አድርጊ። የተቀዳው ቃለ መጠይቅ በምን ቃል ነው የሚጀምረው? እንግዳሽ «ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ…» ብለው የሚጀምሩ ከሆነ ያ ወንዝ የእሳቸው ነው፤ አንቺ ሌላ በር ፈልጊ። ከቢልሃርዚያው ጀምሪ፣ ወይም ከቀንድ አውጣው።